«ከተማ» ለምን «ተማ» ሆነ? ስቴሚንግ፣ ሌማታይዜሽንና የአማርኛ ቅጥያዎች

ጥያቄ፦ «የቆዩ ዜናዎች የሚገኙበት መፈለጊያ እየሠራሁ ነው። ‹ቤት› ብሎ የፈለገ ሰው ‹በቤታቸው›ንም ‹ለቤቶቹ›ንም እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። የመነሻና የመድረሻ ቅጥያዎችን ዝርዝር አውጥቼ እየቆረጥኩ ሞከርኩ፤ ‹ከተማ› ‹ተማ› ሆነብኝ፣ ‹በግ› ደግሞ ‹ግ› ብቻ ቀረ። ጓደኛዬ ‹ስቴሚንግ ለአማርኛ አይሆንም፤ አናባቢውን ሁሉ አውጥተህ ሥሩን ያዝ፣ ሌማታይዜሽን ማለት እሱ ነው› አለኝ። የትኛውን ልያዝ?»

ጓደኛዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋቸዋል። ስቴሚንግ ከቃሉ ፊትና ኋላ ቅጥያ እየቆረጠ የተረፈውን ግንድ ይይዛል፤ የተረፈው ራሱን የቻለ ቃል ይሁን አይሁን ግድ የለውም። ሌማታይዜሽን ግን የሚመልሰው ሌማ የሚባለውን፣ መዝገበ ቃላት ገልጠው የሚያገኙትን ቃል ነው። ለስም ቅጥያ የሌለበት ነጠላው ነው፤ «ለቤቶቹ» ሲገባ «ቤት» ይወጣል። ለግሥ በሩቅ ወንድ ኃላፊ ጊዜ የቆመው ነው፤ «እንዳይሰብሩ» ሲገባ «ሰበረ» ይወጣል። አናባቢ አራግፎ «ስ-ብ-ር»ን ማስቀረት ሥር ማውጣት የሚባል ሦስተኛ ሥራ ነው። ለሰዋስው ጥናት ጥሩ ነው፤ ለመፈለጊያ ግን ከሦስቱ አደገኛው እሱ ነው።

ለምን አደገኛ እንደሆነ «ምክር»ን ይዘው ይዩት። አናባቢው ሲራገፍ «ምክር»፣ «መከራ» እና «መከር» ሦስቱም «ም-ክ-ር» ይሆናሉ። ስለ ምክር ቤት ውሳኔ የጠየቀ አንባቢ የአጨዳ ዜናና የስደተኞች እንግልት ይዘረገፍበታል። «ሰማ»ም እንደዚሁ ነው። ሦስተኛው ተነባቢ ከጥንት ጠፍቷልና ሲራገፍ የሚቀረው «ስ-ም» ነው፤ ያ ደግሞ ከ«ስም» አይለይም። በአንጻሩ «መስማት» እና «ሰምቶ» ሥር ያልሆነ «ት» ይዘው ስለሚመጡ «ስ-ም-ት» ሆነው ከገዛ ግሣቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ሥር ማውጣት የማይገናኙትን ያገናኛል፣ የሚገናኙትን ይለያያል፤ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ጊዜ ያደርሳል።

ወደ እርስዎ ቆረጣ ልመለስ። የመጀመሪያው ስህተት ከዝርዝሩ ሳይሆን ከፊደሉ የመጣ ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚጽፍ የቅጥያው ድንበር ብዙ ጊዜ ፊደሉ ውስጥ ነው የሚወድቀው። «ቤቱ» ላይ ቅጥያው «ቱ» አይደለም፤ «ኡ» ነው፣ «ት» ደግሞ የቤት ነው። በፊደል ደረጃ ከቆረጡ ወይ «ቤ» ይቀርዎታል ወይ ምንም ሳይቆረጥ ይቀራል። ስለዚህ ከምንም በፊት ፊደሉን ወደ ተነባቢና ወደ አናባቢ መክፈል ያስፈልጋል። ዩኒኮድ እዚህ ላይ ነገሩን አቅልሎታል፤ የግዕዝ ፊደላት ከ U+1200 ጀምሮ ስምንት ስምንት ሆነው ስለተደረደሩ አንድ ስሌት ይበቃል።

```python
def kifil(ch):
    n = ord(ch) - 0x1200
    if 0 <= n < 0x158:
        return chr(0x1200 + n - n % 8), n % 8
    return ch, None
```

«ቱ» ሲገባ `('ተ', 1)` ይመልሳል፣ «ት» ሲገባ `('ተ', 5)`። ዜሮ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ ነው፤ 7 እንደ «ሏ» ያሉት ዲቃላዎች የሚቀመጡበት ነው። «ቈ»፣ «ኰ» እና «ጐ» የራሳቸው መደዳ ስላላቸው እንደ ሌላ ተነባቢ ይቆጠራሉና «ጐ»ን አስቀድመው ወደ «ጎ»፣ «ቈ»ን ወደ «ቆ» ያዙሩ። ያኔ «ቤቱ»ን መመለስ ማለት የመጨረሻውን ፊደል ከካዕብ ወደ ሳድስ መለወጥ ብቻ ይሆናል።

በዚሁ ደረጃ ሞክሼ ፊደላትንም አንድ ያድርጉ፤ ሐ፣ ኀ እና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ «ሃ» ወደ «ሀ»፣ «ኣ» ወደ «አ»። «ሠረቀ» (ፀሐይ ወጣች ሲባል) ከ«ሰረቀ» ጋር መጋጨቱ እውነት ነው። ሆኖም ጋዜጦች ፊደሉን እንደመጣላቸው ስለሚጽፉት ልዩነቱን ጠብቆ ማቆየት የሚሰጠው ጥቅም የለም። የመጀመሪያውን አጻጻፍ ለማሳያ ያስቀምጡት፤ ንጽጽሩ ግን በተስተካከለው ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ያለ መዝገበ ቃላት መቁረጥዎ ነው። አማርኛ ውስጥ መስተዋድዶቹ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» አንዳንድ ፊደል ብቻ ስለሆኑ በእነሱ የሚጀምር ተራ ቃል ሞልቷል፦ በግ፣ በረዶ፣ በቆሎ፣ ለውጥ፣ ለማኝ፣ ከሰል፣ ከበሮ። የሰውና የቦታ ስሞች ደግሞ ይብሳሉ፤ «ከበደ» ሲቆረጥ «በደ»፣ «ከሚሴ» ሲቆረጥ «ሚሴ» ይሆናል። ከኋላም «ም» ያለባቸው ሰላም፣ ቀለም፣ ዓለም ተሰልፈዋል። ዓለም ሞክሼው ተስተካክሎ «አለም» ከሆነ በኋላ «ም»ውን ቢያነሱበት «አለ» ይሆናል፣ ማለትም በዜና ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ግሥ። የዓለም ዜናዎ በሙሉ «እገሌ እንዲህ አለ» በሚሉ ጽሑፎች ውስጥ ይቀበራል።

መፍትሔው ቅጥያውን ቆርጦ ማመን ሳይሆን መቆረጥ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ አውጥቶ የተረፈው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ብቻ መቀበል ነው። ሙሉው ቃል ራሱ መዝገብ ውስጥ ካለ ጨርሶ አይነካም፤ ከሌለ ከትንሹ ቆረጣ ይጀመራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አጠላች ዓለሙ አርጋውና ላርስ አስከር በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የአማርኛ ስቴመርም ሊሆኑ የሚችሉትን ክፍፍሎች አውጥቶ በመዝገበ ቃላትና በቃላት ድግግሞሽ የሚያጣራ ነበር። ስሙ ስቴመር ይባል እንጂ ዓላማው ቃሉን ወደ መዝገበ ቃላት ቅርጹ መመለስ ነበር። በስቴሚንግና በሌማታይዜሽን መካከል ያለው አጥር አማርኛ ላይ ይህን ያህል ከፍ ያለ አይደለም።

የስም ቅጥያዎች ቋሚ ተራ አላቸው። ከግንዱ ቀጥሎ ብዙ ቁጥሩ «ኦች» ይመጣል፣ ከዚያ ባለቤትነቱ ወይም እመርታው (ኡ፣ ዋ፣ ኤ፣ ህ፣ ሽ፣ ኣችን፣ ኣችሁ፣ ኣቸው)፣ ከዚያ የተሳቢው «ን»፣ በመጨረሻም «ም»፣ «ና» ወይም «ስ»። ቆረጣው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሂድ፤ እያንዳንዱ መደብ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣ፤ በየመደቡ ረጅሙ ይቅደም። «ለመጽሐፎቻችንም» ላይ ይሞክሩት። መጀመሪያ «ም» ይነሣል። ቀጥሎ «ን» ላይ የሚቸኩል ፕሮግራም «መጽሐፎቻች» የሚባል ፍጡር ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚህ ያለው «ን» የተሳቢ ሳይሆን የ«ኣችን» ጭራ ነው። «ኣችን»ን በሙሉ ሲያነሡ «መጽሐፎች» ይቀራል፤ «ኦች» ሲነሣ «ፎ» ከሳብዕ ወደ ሳድስ ይመለስና «መጽሐፍ» ይወጣል። ፊት ያለው «ለ» ብቻውን ስለቀረ ይነሣል።

«ኦች»ን ሲያነሡ ግን ሳድስን ብቻ አይሞክሩ። «ከተሞች» ወደ ሳድስ ሲመለስ «ከተም» ነው፣ እንዲህ ያለ ቃል የለም። የመጨረሻው «ኣ» በ«ኦ» ተውጦ ስለጠፋ ራብዑ «ከተማ» መሞከር አለበት። «ውሾች»ም ወደ «ውሻ» የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሳድሱ፣ ራብዑ፣ ኃምሱና ሳብዑ ሁሉም ይሞከሩና መዝገቡ ይፍረድ። «ከበሮች» የሚለውን ቃል ስጡት፤ ሦስት መልስ ያመጣል፦ ከ + በር + ኦች፣ ከ + በሬ + ኦች፣ እና ከበሮ + ኦች። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የትኛው እንደታሰበ የሚለየው አረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ለመፈለጊያ ሦስቱንም ማውጫው ውስጥ ያስገቧቸው። የድግግሞሽ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ቆጠራ አንዱን መምረጥ ይጠይቃል።

ከግዕዝ የመጡት ብዙ ቁጥሮች በቆረጣ አይገኙም። መጻሕፍት፣ ቀሳውስት፣ ሊቃውንት፣ መምህራን፣ ሕፃናት በዝርዝር ተጽፈው እያንዳንዳቸው ከነጠላቸው ጋር ይያያዙ። በዜና ውስጥ የሚደጋገሙት ጥቂት ስለሆኑ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ዋናው ችግር ግሡ ነው። የግሥ ግንድ በውስጡ ስለሚለዋወጥ ቅጥያው በሙሉ በትክክል ቢቆረጥ እንኳ የሚቀረው አንድ አይነት አይሆንም። ሰበሩ ሲቆረጥ «ሰበር»፣ ይሰብራል ሲቆረጥ «ሰብር»፣ መስበር ሲቆረጥ «ስበር» ነው። ስቴሚንግ ብቻውን ሦስት ቡድን ይሠራል፣ አንድ ለማድረግ ሌማታይዜሽን ግዴታ ነው። ጥሩው ነገር እነዚህ ግንዶች በደንብ ስለሚገኙ ደንብ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሠንጠረዥ ይበቃል።

```
ሰበር    ኃላፊ     ሰበረ
ሰብር    ትንቢት    ሰበረ
ሰብር    ቦዝ      ሰበረ
ስበር    ትእዛዝ    ሰበረ
ስበር    አርእስት    ሰበረ
ተሰበር   ኃላፊ     ተሰበረ
ሰበር    ትንቢት    ተሰበረ
```

የመካከለኛው ዓምድ ጌጥ አይደለም። «ሰበር» ሁለት ቦታ እንዳለ ልብ ይበሉ። «ሰበሩ» ላይ የሰበረ ኃላፊ ነው፤ «ይሰበራል» ላይ ግን የተሰበረ ትንቢት ነው፣ «ተ»ዋ በድምፅ ተውጣ በጽሕፈት አትታይም። ፊቱ ላይ «ይ»፣ «ት»፣ «እ» ወይም «እን» ካለ የትንቢቱ መስመር፣ ከሌለ የኃላፊው ይነበብ። በዚህ መንገድ «እንዳልተሰበሩባቸው» ይፈታል፦ ከኋላ «ብ + ኣቸው» ሲነሣ «እንዳልተሰበሩ»፣ «ኡ» ሲነሣ «እንዳልተሰበር»፣ ከፊት «እንደ + አል» ሲነሣ «ተሰበር»። ይህ ሠንጠረዡ ውስጥ አለ፣ መልሱም «ተሰበረ» ነው። «ሰበር» የሚል ስም (እንደ ሰበር ዜና) መዝገቡ ውስጥ ቢኖርም እዚህ አይገባም፤ ስም «አል»ን አይቀበልምና። ቅጥያው የግሥ ከሆነ ግንዱም የግሥ መሆኑን ፕሮግራሙ ይፈትሽ። ይህን የዘለለ ሰው ግማሹን ትርፍ ያጣል።

ሠንጠረዡን በእጅ መጻፍ የለብዎትም፤ ከግሥ ዝርዝር ላይ ማመንጨት ይቻላል። 2,000 ግሥ ቢኖርዎት ለእያንዳንዱ አምስት ስድስት ግንድ ሲወጣለት ጠቅላላው 12,000 መስመር አካባቢ ነው፣ ለማንኛውም ኮምፒውተር ቀላል። ችግሩ ማጥበቅና ማላላት ስለማይጻፍ «ሰበረ» እና «ፈለገ» በወረቀት ላይ አንድ አይነት መምሰላቸው ነው፤ አረባባቸው ግን ይለያያል። ለመለየት ትእዛዙን ይጠይቁ። «ስበር» በሳድስ ይጀምራል፣ «ፈልግ» በግዕዝ። ግሡን ይዞ የመጣ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ በሰከንድ ይመልስልዎታል፤ ከግሥ ዝርዝሩ ጎን አንድ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።

የመጨረሻ ፊደላቸው ደ፣ ተ፣ ጠ፣ ጸ፣ ለ፣ ሰ፣ ዘ ወይም ነ የሆኑት ግሦች ተጨማሪ መስመር ይፈልጋሉ፤ «ኤ» ወይም «ኢ» ሲከተላቸው ፊደሉ ይለወጣልና። ከፈተ ከፍቼ ይላል፣ ገደለ ገድዬ፣ መለሰ መልሼ፣ ለመነ ለምኜ። «ከፍች» እና «ገድይ» ሠንጠረዡ ውስጥ ከሌሉ በአንደኛ መደብ የተነገረ ቃለ ምልልስ ሁሉ ያመልጥዎታል። የዜና ዘገባ በሦስተኛ መደብ ስለሚጻፍ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፤ ቃለ መጠይቆች ሲገቡ ነው ብቅ የሚለው።

አሁን የት ላይ እንደሚያቆሙ። «ተ»፣ «አ» እና «አስ»ን ከግሥ ላይ አያንሡ፤ «ተሰበረ»ን እንደ «ሰበረ» አይቁጠሩት። ፈተናው ያጓጓል፣ ምክንያቱም «ሰበረ»ን የፈለገ «ተሰበረ»ንም ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን «ተማረ» ላይ «ተ»ዋ ብትነሣ «ማረ» ይሆናል፣ ይቅር አለ ማለት። የትምህርት ዜናዎ ከምሕረት ዜና ጋር ይቀላቀላል። «ተቀበለ» ሲቆረጥ ደግሞ «ቀበለ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሚሰበሰበው እርባታው ብቻ ይሁን፤ ከግሡ የወጡ አዲስ ቃላት (ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ) እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው። የሚፈለጉ ዝምድናዎች ካሉ ሌላ ዓምድ ጨምረው «ተሰበረ → ሰበረ» ብለው በእጅ ያገናኙ፤ ያገናኙትን ብቻ ያገናኛልና አያስደነግጥዎትም።

ከባዶ መጀመር ካልፈለጉ በማይክል ጋሰር የተሠራው `HornMorpho` የአማርኛን ግሥ ፈትቶ ሥሩንና የሰዋስው ዝርዝሩን ይሰጣል። ከእሱ የሚወስዱት ግሡን የመፍታት አቅሙን ነው። ሥሩን በቀጥታ መሰብሰቢያ ቁልፍ አያድርጉት፤ ከላይ ያየነው የ«ም-ክ-ር» ችግር ይመለሳል። ለአንድ ቃል ብዙ መልስ እንደሚያመጣና ከአረፍተ ነገሩ አንዱን መርጦ እንደማይሰጥም አስቀድመው ይወቁ። የጽሑፎችዎ ቃል በሙሉ በየጊዜው እንዲፈታ ከማድረግ የተለያዩትን ቃላት አንድ ጊዜ ፈትቶ ውጤቱን ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥራው መስመር መያዙን የሚያውቁት በአንድ ቁልፍ ሥር የተሰበሰቡትን የቃላት ቡድኖች በማንበብ ነው። ቡድኖቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው የመጀመሪያዎቹን 50 በዓይንዎ ያንብቡ። ትልልቆቹ ውስጥ ሁለት ትርጉም ካዩ ከልክ በላይ እየሰበሰበ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ፊደል ያለው ቅጥያ ነው። ቀጥሎ አንድና ሁለት ፊደል ብቻ ያላቸውን ቁልፎች አውጡ፤ «ግ»፣ «ተማ»፣ «ሬ» እዚያ ተሰልፈው ይጠብቁዎታል። በመጨረሻ ከራስዎ ጽሑፍ 300 ቃል በዕጣ አውጥተው ትክክለኛውን መልስ በእጅ ይጻፉና ከፕሮግራሙ ጋር ያወዳድሩ። ሁለቱን ስህተቶች ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ያልተገናኙ ማገናኘትና የተገናኙ መለየት ተደምረው አንድ ቁጥር ቢሆኑ የቱን ማረም እንዳለብዎ አይነግርዎትም።

የእርስዎ ጉዳይ መፈለጊያ ስለሆነ እንዲህ ያድርጉ። ለስም በመዝገብ የሚጣራ ቀላል ቆረጣ፤ ለግሥ በሠንጠረዥ ሌማታይዜሽን፤ ሥር ማውጣት ጨርሶ አይግባ። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ያስገቡት፣ አንዴ እንደተጻፈው፣ አንዴ በሌማው፣ የተጻፈው ክብደቱ ይብለጥ። «ምክር ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው መጀመሪያ ያንኑ ያገኛል፣ ከዚያ «ምክር ቤቶቹ»ን። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ቃል ሲመጣ ቆርጦ ከመገመት እንዳለ ይተዉት፤ አዲስ የሰው ስም፣ የድርጅት ስም፣ የባዕድ ቃል ሁሉ በዚህ ይድናል።

የማይፈታው ነገርም አለ። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ በላተኛው ሰውዬው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የሚበላው ምግቡ ነው። ፊደሉ አንድ ነው። «ለውጡ»ም ለብዙዎች የተሰጠ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የታወቀው ለውጥ። ቆራጭም ሆነ ሠንጠረዥ ይህን አይለይም፤ ዐውድ የሚያነብ ሞዴል በእጅ በተሰየመ ጽሑፍ ላይ ማሠልጠን ይጠይቃል። እስከዚያው ሁለቱንም ሌማ ያስገቡ፤ ጥቂት ትርፍ ውጤት መምጣቱ ለፈላጊው ከጎደለ ውጤት ይሻለዋል።